የወጣበት ቀን

ደባርቅ ውስጥ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ደመወዝ የምሠራው እኔ ነበርኩ። በወር መካከል ለሚገባም ለሚወጣም ስሌታችን አንድ ነው፤ የወሩ ደመወዝ ለሠላሳ ይካፈላል፣ በቆየበት ቀን ይባዛል። እሑድም ይቆጠራል። የሚያናድደኝ በሃያ አንድ ለገባ ሰው ሃያ አንድን ከሠላሳ ቀንሶ «ዘጠኝ» የሚለኝ ሰው ነው። የገባበት ቀን የት ሄደ? አሥር ነው።

ባሌን ያወቅሁት በዚሁ ጣጣ ነው። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ተራራው ላይ ጊች ከሚባለው የጎብኚዎች ሰፈር ለድንኳን ጥበቃ ተቀጥሮ፣ ወሩ ሲያልቅ ደመወዙን ሊወስድ መጣ። የአሥር ቀን ሰጠሁት።

«እኔ እንኳ ዘጠኝ ብዬ ነበር» አለኝ። «አንዷን የጨመርሽልኝ ወደሽኝ ነው?»

ቅቤ አንጓች ነበር። በዓመቱ ተጋባን።

በተጋባን በአምስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ ነፋስ የወሰደው ሸራ ሊፈልግ ወጥቶ በጉም ውስጥ ከገደል ወደቀ። አገሬው ሲፈልግ ሰንብቶ ያገኘው በአሥራ አራት ነው። ሞቶ ነበር። ቀብሩ ላይ ካገኙት ገበሬዎች አንዱ ጠጋ አለና፣ «እታለም፣ በጠፋ በማግስቱ፣ ባሥራ ሁለት ማታ፣ የሚጣራ ድምጥ ሰምተን ነበር። ጉሙ አላስኬድ አለን እንጂ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን ከራሱ ላይ ሊያወርደው፣ እስካሁን አላውቅም። ምነው ዝም ባለ ኖሮ።

ወሩ ሲያልቅ የእሱንም ደመወዝ የምሠራው እኔው ሆንኩ። ሌላ ሰው ይሥራው ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ሥራ አስኪያጃችን አጠገቤ ቆሞ፣ «እስከ አሥራ አራት አድርጊው እህቴ፤ እስኪገኝ ድረስ ሥራ ላይ እንደነበረ እንቆጥረዋለን» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ሊጠቅመኝ ነው። እኔ ግን እጄ እንቢ አለኝ። አሥራ አራት ብዬ ከጻፍኩ ባሌ በዚያ ብርድ እየተጣራ ቀን ቆጥሯል ማለት ነው። አሥራ አንድ ካልኩ ግን እንደወደቀ አልቋል፣ አልተሰቃየም። ለሠላሳ አካፍዬ በአሥራ አንድ አባዛሁት።

«ሦስት ቀን ጎደለ» አለ ሥራ አስኪያጁ ሲያየው።

«አልጎደለም። የወጣበት ቀንም ተቆጥሯል» አልኩት። ፊቴን አይቶ ፈረመ።

ብሩን ይዤ ዳባት ወደ እናቱ ሄድኩ። የነፍስ አባታቸው ተቀምጠዋል፤ አርባው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ሊጠይቁ መጥተው ነበር። እማማ ብሩን ተቀብለው ሳያዩት፣ «የስንት ቀን ነው?» አሉኝ።

«ያሥራ አንድ።»

ብሩን በመቀነታቸው ቋጠሩ። ኋላ ወደ ቄሱ ዞረው፣ «አባ፣ አርባውንም ካሥራ አንዱ ይቁጠሩልኝ» አሉ።

ቄሱ ባርከውን ወጡ። አንድ ላይ አለቀስን። አልቅሰን ሲወጣልን እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ያ ድምጥ ሰማን ያለው ሰውዬ ለኔም ነግሮኛል» አሉኝ።