የሦስት ኩንታሉ ሊጥ

ሰው ስለ ደርግ ዘመን ሲያወራ ስለ ጥይትና ስለ ስብሰባ ነው የሚያወራው። እኔ የማስታውሰው ሊጥ ነው። ሦስት ኩንታል ጤፍ የፈጀ፣ ወተት ታንከር ውስጥ ታሽጎ ማኅተም የተመታበት ሊጥ። ግድ የለም፣ ሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የወንድሜ ነገር በዚያ ሊጥ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ናዝሬት ውስጥ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ነበር የምኖረው። ሙያውን የተማርኩት መቂ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ከነበራቸው ሴትዮ ነው። እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ጊዜ ለሠርግ ብዙ እንጀራ ታዘው እኔ አቡኪ ተባልኩ። ለአሥር ኪሎ አንድ ሊትር እርሾ እንደምጨምር አውቃለሁ፤ እናም ለስልሳ ኪሎው ስድስት ሊትር በአንድ በርሜል ቸልሼ ተኛሁ። በማግስቱ ሊጡ ከበርሜሉ ወጥቶ እየሄደ ነበር። እትዬ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

«አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሊጥ እኮ ራሱን ያሞቃል! አውቶቡስ ውስጥ የታጨቀ ሰው አይተሽ አታውቂም? ውጭው ቢበርድ እንኳ መሀሉ ያለው ሰው ያልበዋል። ሊጡ ሲበዛ እርሾውን ቀንሺ፣ ውሃውን ቀዝቃዛ አድርጊ፣ በየዕቃው ከፋፍዪው። ቀን አትቁጠሪ፣ እጅሽን ክተቺበት።»

ከእሳቸው ዘንድ ስወጣ ከራሳቸው እርሾ በጠርሙስ ሰጡኝ። ናዝሬት የጋገርኩት ሁሉ የዚያ እርሾ ዘር ነው።

በኋላ እንጀራ ጋጋሪዎች ሁሉ በማኅበር ተደራጁ ተባልንና ቀበሌ ውስጥ አርባ ሴቶች ሆንን። እኔን ኃላፊ አደረጉኝ። ኃላፊ ማለት ሲበላሽ የሚጠየቅ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ታፈሰ። ለብሔራዊ ውትድርና። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተቆልፎበት መኪና ይጠብቃል። ስንቅ ሳቀብለው በበሩ ስንጥቅ ውስጥ ጣቱን አሾልኮ ይይዘኛል።

የቀበሌው ካድሬ ያስጠራኝ በዚህ መሀል ነው። ውጭ አገር ስምንት ወር ኢኮኖሚ ተምሮ የመጣ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪፕቶ የሚሰካ ሰውዬ ነው። ከሦስቱ አንዱም ሲጽፍ አላየሁም፤ በጠመኔ ነበር የሚሠራው። እሁድ በዓል ነው፣ ስድስት መቶ እንግዳ ከአዲስ አበባና ከየወረዳው ይመጣል፤ ምሳ የሚበላው በእኛ እንጀራ ነው አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዓሉ ካማረ ወንድምሽ ቤቱ ይገባል። ከተበላሸ ግን አሻጥር ነው። አሻጥረኛ ሲቀጣ ደግሞ እህት ወንድም አይለይም» አለ።

«እሺ ጓድ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ ጠዋት ሁላችንን ሰብስቦ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ለአሥር ኪሎ ዱቄት አንድ ሊትር እርሾ፤ ስለዚህ ለሦስት ኩንታል ሠላሳ ሊትር። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እንኳ ግማሽ ጥፋት ነበር። ግን ሊቅ መች ያቆማል!

«ጊዜውስ? አሥር ኪሎ በሁለት ቀን ይደርሳል። ሦስት ኩንታል ግን ብዙ ነው። አንድ ድስት ውሃና አንድ በርሜል ውሃ እኩል ይፈላሉ? አይፈሉም! ስለዚህ ሦስት ቀን እንሰጠዋለን።»

አርባ ሴት እርስ በርሷ ተያየች። ከአርባችን ሊጥ አቡክታ የማታውቅ አንዲት የለችም፤ እሱ ደግሞ እንኳን አቡክቶ ሚስቱ ስታቦካም ያየ አይመስለኝም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓድ፣ ይቅርታዎን» አልኩ፤ «ውሃውን የሚያፈላው ከውጭ ያለ እሳት ነው። ሊጥ ግን ከውስጡ ነው የሚሞቀው። በበዛ ቁጥር ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። እርሾውን ወደ አሥር ሊትር እናውርደው፣ በየባልዲው እናድርገው። የናዝሬት ሙቀት እኮ ነው!»

«ይሄ የግለሰብ አስተሳሰብ ነው» አለ። «በየባልዲው፣ በየጓዳው! ምርት በአንድነት ነው። ቁጥር ደግሞ አይዋሽም።»

ቁጥር አይዋሽም። ቁጥር ምን ያድርግ፣ የሚዋሸው ጠመኔ የያዘው ነው።

ታንከሩን ያመጣው ከመንግሥት እርሻ ነው። የወተት ታንከር፣ ግድግዳው ድርብ፣ መሀሉ ሙቀት እንዳያልፍ የተሞላ። ወተቱን ቀዝቃዛ እንዲያቆይ ነው የተሠራው፤ ቀዝቃዛ የገባበትን ቀዝቃዛ ያቆያል፣ ሙቅ የገባበትን ሙቅ። ሊጥ ለማበላሸት ብለው አገር ቢያስሱ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አያገኙም። እሱ እንዳለው ሦስት ኩንታሉን በሠላሳ ሊትር እርሾ አቡክተን አፉ ድረስ ሞላነው። እሱም ክዳኑን ገጥሞ ዙሪያውን በወረቀት አሸገና የቀበሌውን ማኅተም መታበት። አድኃሪ እንዳይነካው ነው! ከዚያ እንግዶቹን ሊቀበል አዲስ አበባ ሄደ፤ እሁድ ጠዋት ነው የሚመለሰው።

ያን ቀን ወደ ማታ ሄጄ ታንከሩን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ። ግድግዳው ድርብ ነዋ፣ ውስጡን አያሳማም። ጆሮዬን ስለጥፍበት ግን ጉር ጉር ይላል፣ እንደ ተቆጣ ሆድ። ከተቦካ ገና ስምንት ሰዓት እንኳ አልሞላውም።

ዓርብ ጠዋት ስመለስ አረፋው ክዳኑን አንሥቶ ማኅተሙን ለሁለት ቀዶ በታንከሩ ጎን እየወረደ ነበር። የግቢው ዘበኛ ዱላውን ይዞ ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«ካድሬው ማኅተም የቀደደ ይታሰር ብሎኝ ነው የሄደው» አለኝ። «ይኸው ቀደደው። እንዴት አድርጌ ልሰረው?»

በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ በሩ ስንጥቅ ውስጥ ያለችው የወንድሜ ጣት ትዝ አለችኝ። ሊጡ ውስጥ ክንዴን ከተትኩ፤ የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት ውሃ ይሞቃል። በአንድ ቀን የደረሰ ሊጥ ሁለት ቀን ሲጨመርለት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይኮመጥጣል፣ ጉልበቱ ያልቃል፣ አብሲት ቢጣልበት እንኳ ኩፍ አይልም። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከምጣድ ሲነሣ ይቀደዳል። አሁኑኑ ልጋግረው ብል ደግሞ እስከ እሁድ ይደርቃል፣ ይሻግታል።

ቤት ለቤት ዞርኩ። አርባ በር። ለእያንዳንዷ ያልኩት አንድ ነው፤ «አምስት ኪሎ ጤፍ ከራስሽ። እንደ ወትሮሽ፣ በራስሽ ቡሃቃ፣ ጥላ ውስጥ። ግማሽ ሊትር እርሾ ብቻ፣ ከዚያ በላይ እንዳትጨምሪ። ዛሬ ከቀትር በፊት ይቡካ፣ እሁድ ጎህ ሲቀድ አብሲት ጥለሽ ጋግሪ።» በዚያን ጊዜ አምስት ኪሎ ጤፍ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በራሽን ነው የምትገኘው። አንዷ፣ «ለካድሬው ብዬማ አንድ ፍሬ አልሰጥም፤ ለወንድምሽ ነው» አለችና ሰፈረች። እምቢ ያለች አልነበረችም። እስከ ዛሬ ሳስበው ዓይኔ እንባ ይሞላል።

የታንከሩን ጉድ ቅዳሜ በባልዲ እያመላለስን ላም ላላቸው ጎረቤቶች አደልነው። ላም ኮመጠጠ አትልም። ታንከሩን አጠብነው፣ ዘበኛውም ያየውን ለካድሬው ላይናገር ተስማማ፣ አለቀ።

እሁድ ዘጠኝ መቶ የሚሆን እንጀራ በየመሶቡ ተደርድሮ ጠበቀው። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ለስላሳ። እንግዶቹ በሉ፣ አጨበጨቡ። ካድሬው እንጀራው ከታንከሩ ሊጥ የተጋገረ መስሎት ባዶውን ታንከር እየዳበሰ፣ «አላልኳችሁም? ቁጥር አይዋሽም!» ይላል። አርባ ሴት አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አክብሮት መስሎት ይሆናል።

ሰኞ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የወንድሜ መልቀቂያ ነው። ሌላው፣ «በብዛት ሊጥ የማዘጋጃ ሳይንሳዊ ቀመር» ይላል፤ ሠላሳ ሊትሩም ሦስት ቀኑም እንዳለ ተጽፏል። ከሥሩ፣ በተግባር ተፈትኖ የተሳካ መሆኑን አረጋግጣለሁ ይልና የእኔ ስም።

«መጀመሪያ ይሄኛውን ፈርሚ» አለ።

እውነቱን ብናገር ወንድሜ አይወጣም፤ አርባዎቹም አሻጥረኛ ይባላሉ። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት! ፈረምኩ። ወንድሜ በዚያው ቀን ቤት ገባ፤ ያን ሁሉ እንጀራ ጋግሬ ለእሱ ያበላሁት የሰው እንጀራ ነበር፣ የራሴ ጤፍ አልቆ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወረቀቱ የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።

ወረቀቱ በስቴንስል ተባዝቶ ወደ ሞጆ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ መቂ ሄደ።

ይህን ያወቅኩት ከወራት በኋላ እትዬ በሬ ላይ ሲቆሙ ነው። ከስተዋል። እነሱም ዘንድ በዓል ነበረ፣ እሳቸው ኃላፊ ተደረጉ፣ ወረቀቱ መጣ፣ ሊጡ ተበላሸ። ሦስት ወር በአሻጥር ታስረው መውጣታቸው ነው። ቤቱ ተወርሷል።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ያደረግነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ታንከሩን፣ አርባውን ቡሃቃ፣ የወንድሜን ወረቀት። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ስህተት እንደሆነማ አውቄ ነበር» አሉ። «ሠላሳ ሊትር ሲሉኝ ሳቅሁ። ከሥሩ የአንቺን ፊርማ አሳዩኝ። ያስተማርኳትን ትታ ከፈረመችማ፣ እኔ የማላውቀው ነገር አግኝታ ነው ብዬ አመንኩሽ።»

ከዚያ ከነጠላቸው ሥር ባዶ ጠርሙስ አወጡ።

«እስር ቤት ሳለሁ እርሾዬ ደርቆ ጠፋ። ያንን ከእኔ የወሰድሽውን ቅጂልኝ፤ ከዜሮ ልጀምር ነው።»

ቀድቼ ሞላሁላቸው። ጠርሙሱን ከድነው ተነሡና በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ስንት እንደምጨምር ግን እንዳትነግሪኝ።»