ሦስቱም ውሃ ያደረበት ጋን

ባሕር ዳር በገባን በመጀመሪያው ክረምት ትንሿ ልጃችንን ተቅማጥ አልለቃት አለ። ባለቤቴ ነገሩን በቧንቧው ውሃ አሳብቦ የታሸገ ውሃ በእሽግ እየተሸከመ ያመጣ ጀመር። ደመወዛችን ወር አላደርስ ሲለን ባለሻማ የውሃ ማጣሪያ ገዛን። ሻማ የሚመስለው የሸክላ ማጥለያው ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገ ያወርደዋል፤ እኔም በየሳምንቱ እየፈታሁ እፈገፍገዋለሁ። ልጅቷ ግን አልተሻላትም። ቀጥሎ ማፍላት መጣ፤ መብራት ሲኖር በምድጃ፣ ሲጠፋ በከሰል። ከሥራ ገብቼ ድስት ሙሉ ውሃ እስኪፈላ ስጠብቅ እዚያው እንቅልፍ ይጥለኛል።

ጤና ጣቢያ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ተመለስሁ። ነርሷ ሁሉንም ሰማችኝ።

"ማፍላቱ ይበቃችኋል፤ ከታሸገው ይረክሳል፣ ከማጣሪያውም ይበልጥ ያስተማምናል። ካፈላሽው በኋላ የት ታስቀምጪዋለሽ?"

"ጋን ውስጥ።"

ጋኑን አማቴ ከአንበሳሜ አስጭነው ነው ያመጡልን። ውሃ ያቀዘቅዛል። የታሸገውንም፣ የተጣራውንም፣ የፈላውንም እዚያ ስንገለብጥ ከረምን።

"በምን ትቀዱታላችሁ?"

ጋኑ አፍ ላይ አንድ ጣሳ አለ፤ የጠማው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ እጁን እየነከረ ይቀዳበታል።

ክዳንና ቧንቧ ያለው ባልዲ ገዝቼ ተመለስሁ። ባለቤቴን ጋኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት።

"ታዲያ የትኛው ውሃ ይሻላል አሉሽ?" አለኝ፣ እጁን እስከ ክንዱ እንደ ነከረ።