በአንድ ስም ሦስት እንግዳ

በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። የአማርኛ መምህር ያኔ ከክፍል ውጭም ሥራ አይጠፋለትም። መፈክር ሲጻፍ ይጠራል፤ መፈክሩ ውስጥ ከውጭ የመጣ ቃል ሲኖር ደግሞ ከነምሳው ይጠራል። "መምህር፣ ሶሻሊዝም እንዴት ነው የሚጻፈው?" ይሉኛል። "እናንተ እንዴት ትሉታላችሁ?" እላለሁ። ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ስለነበር "ሶሻሊዝም" ይል ነበር። የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ሞስኮ ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ ስለመጣ "ሶሲያሊዝም" ይላል፤ ያውም "ሲ" የምትለዋን አፉ ውስጥ ትንሽ አቆይቶ። ፊደላችን የሚጽፈው የሚሰማውን ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ቃሉን ይዞት ከመጣው ሰው አፍ ነው። ጎማና ፖስታ፣ መኪናም ጭምር፣ በጣሊያን በኩል ገብተው የሁሉም አፍ ስለተስማማባቸው ማንም አይጣላባቸውም። አዲሶቹን ግን እያንዳንዱ ከተማረበት አገር በየሻንጣው ይዞ መጣ፣ ያንኑም በየግድግዳው ለጠፈ።

አንድ ቀን ከደሴ ደብዳቤ መጣ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር፣ ከጀርመኖቹ ወገን፣ የዓሣ ባለሙያ መጥቶ የሐይቁን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ይጎበኛል፤ ተገቢው አቀባበል ይደረግለት ይላል። ደብዳቤው በሙሉ በአማርኛ ሆኖ የእንግዳው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ጸሐፊው ብልህ ሰው ነበረ፤ ጣጣውን ጠቅልሎ ለእኛ ላከልን።

የሰውየውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈውም እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ዛሬም አላውቅም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በመጀመሪያዋ ፊደል ነው፤ እንግሊዞች ደብልዩ በሚሏት።

የአቀባበሉ ሥራ ተከፋፈለ። ከተማው መግቢያ ላይ የሚቆመው ቅስት ለትምህርት ቤቱ፣ ሐይቁ ዳር የሚሰቀለው ጨርቅና የዕለቱ መርሐ ግብር ለፖለቲካ ኃላፊው ደረሰ። ዲሬክተሩ ደብልዩ አይቶ ቅስቱ ላይ "ዋ" ብሎ የሚጀምር ስም አጻፈ። የፖለቲካ ኃላፊው ደግሞ ሞስኮ ሳለ ከጀርመኖች ጋር አንድ ማደሪያ ኖሯልና፣ ጀርመን ደብልዩን እንደ ቨ እንደሚጠራ ያውቃል። ጨርቁ ላይ "ቫ" አስባለ።

ሁለቱንም አይቼ መጀመሪያ ዲሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አንዱን ብንመርጥ አይሻልም?"

"እኔ ያነበብኩት የተጻፈውን ነው" አለኝ። "እሱ ይመልስ።"

ወደ ፖለቲካ ኃላፊው ተሻገርኩ።

"እኔ የጻፍኩት የሚጠራውን ነው። ጓድ ዲሬክተር ይመልስ።"

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የውጭ ስም ሲጻፍ አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ ጆሮውን ያምናል፤ ይህን የሚዳኝ ሕግ ደግሞ ያኔ በእጃችን አልነበረም። እኔም ሁለቱንም የሚያስማማ ሥልጣን ስላልነበረኝ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

መርሐ ግብሩን የጻፈችው የአውራጃው ታይፒስት ናት። ጎበዝ ነበረች፤ የጽሕፈት መኪናዋ ግን አሮጌ ነው፣ ቨ የሚባል የለውም። ቨ ማለት ባርኔጣ ያጠለቀች በ አይደለች? ስለዚህ "ባ" ብላ ትመታና ባርኔጣዋን በብዕር ታደርግላታለች። እንደ ልማዷ አደረገች። ግን ባርኔጣዋ ያረፈው በላይኛው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ በካርቦን የወጡት ቅጂዎች ሁሉ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ተበተኑ። ላይኛው ለፖለቲካ ኃላፊው ሄደ። ከካርቦኖቹ አንዱ ለደህንነት ሰውየው ደረሰ።

ይህ የደህንነት ሰው በከተማው ማንም የማያውቀው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሰው ነበር። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ በድንገት ወደ ዝናብ ይዞራል። ቅስቱን ሲያይ ዋ፣ ጨርቁን ሲያይ ቫ፣ ወረቀቱን ሲያይ ባ። ሌላ ሰው ይህን ቢያይ የአንድ ሰው ስም ሦስት ዓይነት እንደተጻፈ ይጠረጥራል፤ እሱ ግን ለጥርጣሬ የተቀጠረ ነውና የሚጠረጥረው በተለየ መንገድ ነው። ሦስት እንግዳ ነው የሚመጣው አለ። የማኅበሩን ሊቀመንበር ጠርቶ ሦስት ጋቢ እንዲያሠራ፣ ለሦስት ፈረንጅ የሚበቃ ዓሣ እንዲያስጠብስ አዘዘ። ሊቀመንበሩ ረጋ ያሉ የሐይቅ ሰው ነበሩ፤ "አብሽር፣ ዓሣ ለሁላችንም ይሆናል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚበላው እሱን ነው" ብለው ሄዱ።

ቀኑ ደረሰ። ሐይቁ ዳር ተሰልፈን ቆመናል። ላንድሮቨሯ መጣች። ሾፌሩ ወረደ፣ ቀጥሎ አንድ ቀጭን ረጅም ፈረንጅ ፀሐይ ያቃጠለውን አፍንጫውን እያሸ ወረደ። ከዚያ በኋላ የወረደ የለም። የደህንነት ሰውየው መኪናዋን ዞሮ አያት። በመስኮት አጮለቀ። ከወንበሩ ሥርም ያየ መሰለኝ።

ወደ እኔ መጣ።

"አንተ የአማርኛ መምህር አይደለህ?"

"ነኝ።"

"ሁለቱ የት ገቡ?"

"የትኞቹ ሁለቱ?"

"ከሦስቱ አንዱ መጣ። ሁለቱ ከደሴ ወዲህ የት ወረዱ?"

በዚያ ዘመን አንድ ፈረንጅ በአምባሰል ተራራ ጠፋ ማለት ለእኔም መጥፋት ነው። ቅስቱም ጨርቁም ወረቀቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው እንደሆነ፣ ልዩነቱ የአጻጻፍ እንደሆነ እየተንተባተብኩ አስረዳሁት።

"ትክክለኛው የትኛው ነው?"

"እንደ አነባበቡ… ሁሉም ትክክል ሊባሉ ይችላሉ።"

"ሁሉም ትክክል ከሆኑማ ሦስት ሰዎች ናቸው።"

ለነገሩ ሒሳቡ ልክ ነበር።

ራሱ እንግዳው ይጠየቅ ተባለ። እንግዳው ሩሲያኛ ስለሚችል የፖለቲካ ኃላፊው በሩሲያኛ ስሙን እንዲናገር ጠየቀው። ሰውየው የአገራችን የአቀባበል ሥርዓት መሰለው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ስሙን ተናገረ። "በል ድገም" ተባለ። ደገመ። እያንዳንዱን ሰው እየጨበጠ ስሙን ይናገር ጀመር፤ ሕዝቡም አጨበጨበለት።

"ቫ አለ!" አለ የፖለቲካ ኃላፊው።

"ወደ ዋ ይጠጋል" አለ ዲሬክተሩ።

የደህንነት ሰውየው ጆሮው የነገረውን በማስታወሻው ላይ አሰፈረ። በትከሻው በኩል አየሁት። "ፋ" ብሎ ነው የጻፈው። አሁን አራት ሆኑ።

እንግዳው ዓሣውን በላ፣ ጋቢውን ለበሰ፣ ሐይቁን አሞገሰ፣ ሄደ። የተረፉት ሁለት ጋቢዎች የተሠሩላቸው ፈረንጆች ስላልተገኙ አንዱ ለፖለቲካ ኃላፊው፣ አንዱ ለደህንነት ሰውየው ደረሰ። በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር።

ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ፣ የደህንነት ሰውየው ሪፖርት ደርሷቸው ኖሮ፣ ከደሴ ተደወለ። ፋ ብሎ የሚጀምረው ሰው ማን ነው፣ በማን ፈቃድ ገባ? የደህንነት ሰውየው የእኔ ጆሮ ነው ሊል አይችልም፤ የፖለቲካ ኃላፊውም በጎኑ ያለውን ሰው ሊያስቀይም አይፈልግም። ስለዚህ ጥፋቱ አንድ ቦታ ማረፍ ነበረበት፣ ቅስቱ ላይ አረፈ። ስብሰባ ተጠራ። የፖለቲካ ኃላፊው ተነሥቶ፣ አንድ ሶሻሊስት ጓድ በጭቁኑ ሕዝብ ፊት በእንግሊዝኛ አነባበብ ስሙ መጠራቱ የአጋጣሚ ስሕተት እንዳልሆነ፣ ሥር የሰደደ የአስተሳሰብ ችግር እንደሆነ አስረዳ። ዲሬክተሩ ግለ ሂስ ጽፎ እንዲያቀርብ ተወሰነ።

ታይፒስቷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። "ባርኔጣዋን የረሳሁት እኔ፣ የሚቀጣው እሱ" ብላ በሹክሹክታ አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ዝም አለች። ዝም ያላለ ማን ነበር?

ዲሬክተሩ በገዛ እጁ ሁለት ገጽ ጽፎ በሚቀጥለው ስብሰባ አነበበ። በእውነት የሚያሳዝን ግለ ሂስ ነበር። የሶሻሊስት ጓድን ስም ሳላስተውል "በኢምፒሪያሊዝም ቋንቋ" አንብቤያለሁ፣ "የኢምፒሪያሊዝም ርዝራዥ" ከአእምሮዬ አልወጣም ብሎ ጨረሰ።

የፖለቲካ ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ኢምፔ፣ ጓድ። ኢምፔሪያሊዝም ነው።"

"ምን አልኩ?"

"ኢምፒ ነው ያልከው። አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። ኢምፔሪያሊዝምን የምታወግዘው በራሱ በኢምፔሪያሊዝም አነባበብ ነው!"

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳቀም። እኔ ከንፈሬን እስኪያመኝ ነከስኩ። ዲሬክተሩ ግን የተናደደ አይመስልም ነበር፤ ከዚያ ይልቅ በራሱ ቤት ጨለማ ውስጥ በሩ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ግለ ሂሱ ውድቅ ሆነ፤ እንደገና ይጻፍ ተባለ።

እኔ ቤቱ ሄጄ አብረን ጻፍነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። "ኢምፒ" ሲል እኔ "ኢምፔ" እላለሁ። "ቢሮክራሲ" የምትለዋ ላይ ስንደርስ ሞስኮ እንዴት እንደሚሏት አላወቅንም፤ ለጥንቃቄ አወጣናት። "ሪአክሽን" የሚለውንም በ"አድኃሪ" ተካነው። እሱ ደግሞ በየትኛው ሀ ይጻፍ ብለን ተጨቃጨቅን። ባለቤቱ ከጓዳ ሆና "ወላሂ፣ ኃጢአታችሁ ከፊደሉ ይበዛል" አለችንና በዚያን ጊዜ ብቻ ሁለታችንም ከልብ ሳቅን።

ሁለተኛው ተቀባይነት አገኘ። ግለ ሂሱ ስለ ጸደቀለት፣ ዲሬክተርነቱ ተወስዶ ከሐይቅ ርቃ ወደ ግሸን በኩል ባለች፣ መኪና በማይደርስባት መንደር ተራ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። ባይጸድቅለት ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ማንም ጮክ ብሎ አላለም።

የሚሄድ ዕለት ፍራሹንና መጻሕፍቱን ተሸክሜ እስከ ጭነት መኪናው ሸኘሁት። ጠዋት ነው፣ ሐይቁ ላይ ጉም አለ። ምን እንደምለው ጨነቀኝና "ጋሼ፣ አይዞህ፣ ጊዜ ያልፋል" አልኩት።

"አብሽር" አለኝ፤ እሱ እኔን አጽናናኝ። ካቦርቱን አጥብቆ ጭነቱ ላይ ወጣና ወደ ተራራው በኩል ተመለከተ። "እዚያ መኪና አይደርስም፣ ፈረንጅም አይመጣም። የሚመጣ ስም ሁሉ የገበሬ ልጅ ስም ነው። እናትየዋ እንደጠራችው እጽፈዋለሁ፣ አለቀ።"

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፤ የፖለቲካ ኃላፊው ለመጪው በዓል ስለሚጻፍ መፈክር ሊያማክረኝ ቢሮ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር።