በአውሮፕላን ሜዳው ሣር ላይ የተነሣችው ፎቶ

ታላቅ እህቴን አላውቃትም። እኔ ሳልወለድ፣ ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ እዚሁ ጂንካ ወባ ወሰዳት። የነበራት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ተዘዋዋሪ ፎቶ አንሺ ከተማው መሀል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ፣ ሣሩ ላይ አቁሞ ያነሣት። በኋላ ጣሪያችን አፍስሶ ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣበቀ። እናቴ ላላቅቀው ስትል የእህቴ ፊት ተልጦ መስታወቱ ላይ ቀረ።

እኔ ዛሬ የምተዳደረው በፎቶ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ የሠርግ አልበም አትማለሁ፣ ለሎጆች ደግሞ የድሮ የጉዞ ፖስተር የሚመስል ሥዕል፣ በጽሑፍ ሲያዙት በሚሥለው ኤአይ አሠራለሁ። እናቴ አንዱን ፖስተር አይታ፣ "ይሄ ነገር የድሮ ፎቶ ይሠራል? የእህትህን?" አለችኝ።

"ምን ያቅተዋል!" አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "የድሮ ፎቶ" ብዬ ብጽፍለት ሁሉንም ቡናማ አድርጎ፣ ባርኔጣ የደፋች ልጅ አመጣልን። ለማሽኑ ድሮ ሁሉ አንድ ነው። ሳቅን።

"የእኛ ድሮ እኮ ባለ ቀለም ነበር" አለች።

እውነቷን ነው። ትእዛዙን ዘርዝሬ ጻፍኩ፦ የኔጋቲቭ ፊልም፣ የቀትር ፀሐይ፣ ነጭ ጠርዝ፣ ሣጥን ውስጥ ሲከርም ወደ ቀይ ያደላ ቀለም። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ ኖሮ ማሽኑ እንዳይሳሳት ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት። ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቁጥር ቀን ሲያትምበትም አስወጣሁት፤ የዚያ ፎቶ አንሺ ካሜራ ቀን አያትምም ነበር።

እናቴ ማረሙን ቀጠለች። "ስኒከር ከየት አምጥታ? ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገችው። ሣሩም እንዲህ አልተከረከመም፣ ከብት የጋጠው ነው። ቀሚሷ ሲያጥርባት ጫፉን በሌላ ጨርቅ ያስረዘምኩት እኔ ነኝ፣ ቀለሙ ይለያል።" ሁሉንም ጻፍኩ፤ ሁሉም መጣ።

"ፊቷስ? ግንባሯ ሰፊ ነው? ዓይኗስ?" አልኳት።

እናቴ ተመልሳ ስለ ቀሚሱ ጫፍ ነገረችኝ። ማሽኑ ግን ፊት አያልቅበትም፤ በጠየቅሁት ቁጥር ሌላ ቆንጆ ልጅ ይደቅናል። ያን ቀን ጠላሁት።

"ጫማዋን አልረሳሁም፣ ልጄ" አለች በመጨረሻ። "የረሳሁት ፊቷን ነው። አንተ ስትሠራው ሳየው አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።"

ኮምፒውተሩን ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ጀርባዋን አዙርልኝ። ትምህርት ቤት ስትሄድ በር ላይ ቆሜ እስክትርቅ አያት ነበር።"

ከኋላ የታየች፣ እየራቀች የምትሄድ ልጅ ብዬ ጻፍኩ። ሹሩባዋን አሳጠርን። አንድ ትከሻዋን ዝቅ አደረግነው፤ ደብተሯን የምትይዝበት በኩል ነው አለችኝ።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። "ይቺ ናት" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በስሟ ጠራቻት።