ለቱማኑ የወጣለት ሽበት

ሉፔሲና፣ እኛ ሉፔ የምንላት፣ ከአፒያ ከተማ ገበያ ጀርባ ባለችው ፎቶ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እኔ በር ላይ ፍሬም እገጣጥማለሁ፤ እሷ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶ ውስጥ ያለ ፊት ታስተካክላለች። ልጅ ሆና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙር መጽሐፏ ጠርዝ ላይ የምእመናኑን አፍንጫ ስትስል የፓስተሩ ሚስት በማራገቢያ ጭንቅላቷን መትተዋታል። ፊት ማየት ግን አልተወችም። ሰው ስታናግር ዓይኗ አንዳንዴ ጆሮህ ላይ ይቀራል፤ የማያውቋት ይቀየሟታል።

አንድ ሰኞ ፔኒቶዋና እህቱ ማሲና መጡ። ማሲና ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጣች። አባታቸው ቱማኑ ነው። በሃያ ስምንት ዓመቱ ዓሣ ሊያጠምድ በታንኳ ወጥቶ አልተመለሰም። ያኔ ፔኒቶዋ ሁለት ዓመቱ፣ ማሲና ገና አራስ ነበረች። ሌላውን የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ አንድ አውሎ ነፋስ ወስዶታል።

«እናታችን በሚቀጥለው ወር ሰባ ዓመት ይሞላታል» አለች ማሲና። «አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ ከአባታችን ጋር አንድ ላይ ልንሰቅላቸው ነው። ግን የወጣትነት ፎቶ የላትም። የአሁኑን ብናደርግ ደግሞ አባታችን የልጇ ልጅ መስሎ አጠገቧ ሊቆም ነው።»

«ስለዚህ እሷን የሃያ አምስት ዓመት አድርጊልን» አለ ፔኒቶዋ።

ሉፔ የአሮጊቷን የእናታቸውን የሳላፋይን ፎቶ ተቀብላ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ሽብሽቡን አጠፋች፣ ጸጉሩን አጠቆረች። ጠርታኝ አሳየችኝ።

«እንዴት ነው?»

«ሰም የተቀባች አሻንጉሊት።»

«አዎ፣ ሽብሽብ ማጥፋት ወጣት አያደርግም» አለች። ሳትናደድ እንደገና ጀመረች። የወረደውን ጉንጭ ወደ ላይ መልሳ ሞላችው። የዓይን ቆቡን አነሳች፤ ከንፈሩን አወፈረች፤ ቅንድቡን አሳደገች። በዕድሜ የረዘመውን የጆሮና የአፍንጫ ጫፍ ትንሽ ሰበሰበች። ጸጉሩንም አንድ ዓይነት ጥቁር አላደረገችውም፤ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ላይ አፈካችው። የቆዳውን ቀዳዳዎች ተወቻቸው። ያልነካችው በዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት፣ ከፍ ያለውን የግራ ቅንድብና በፊት ጥርሶቿ መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

ሐሙስ ዕለት እማማ ሳላፋይ ራሳቸው መጡ። ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ፤ እጃቸው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ማሲና አጨበጨበች።

«ግን አልፈልጋትም።»

«እማዬ! ለምን?»

«ይቺ ልጅ ገና ምንም አልደረሰባትም። እናንተን አላሳደገችም፣ ቤት አልሠራችም። ያን ሁሉ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ፊቴ ላይ ያለው እሱ ነው።» ወደ ሉፔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔን ወደ እሱ አትመልሺኝ። እሱን ወደ እኔ አምጪልኝ።»

ፔኒቶዋ አንገቱን አከከ። «እማዬ፣ እሱ እኮ አላረጀም።»

«ባያረጅ የኔ ጥፋት ነው?»

ሉፔ ሦስት ቀን ሥራውን አልነካችውም። «ያለውን መቀነስ ይቀለኛል፤ ያልነበረ ማምጣት ግን ውሸት ይሆንብኛል» አለችኝ። በመጨረሻ የቱማኑ ታላቅ ወንድም እንዲመጡ ጠየቀች። አቶ ላፋኤሌ ከሳቫይኢ ደሴት በመርከብ ተሻግረው፣ የእሑድ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ከፊት ለፊትም ከጎንም ፎቶ አነሳቻቸው። የቆዳቸውን እጥፋትና ራሰ በራቸውን ወስዳ ቱማኑ ላይ አሳረፈች።

እማማ ሳላፋይ ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ላፋኤሌ ነው እንጂ! በሰባ ዓመቴ ልትድሪኝ ነው?»

ሉፔም ሳቀች፤ ግን ጥፋቷ ገባት። ከወንድም መውሰድ የሚቻለው ጸጉር ከየት እንደሚሸሽና ሥጋ ከየት እንደሚወርድ ነው፤ የገዛ ራሱ ሽብሽብ ግን ሰውየው ፊቱን ሲጠቀምበት እንደኖረው ነው የሚወጣው። ሁሉንም አጥፍታ ወንበር ሳበችላቸው።

«እማማ፣ ሲስቅ እንዴት ነበር?»

«በግራ በኩል። ግማሽ አፉን ብቻ።»

«ሲቆጣስ?»

«አይቆጣም። ዝም ይላል። ግንባሩን ከፍ አድርጎ ያይሻል።»

«ባሕር ላይ ኮፍያ ያደርጋል?»

«የምን ኮፍያ! ፀሐይዋን እንዲህ እያየ ነው የሚመጣው።» ዓይናቸውን አጨንቁረው አሳዩ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ያላሰቡት ነገር ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ቀረ።

ሉፔ በነገሯት መሠረት ሠራች። የዓይኑ ጠርዝ ላይ የማጨንቆሩን መስመሮች አወጣች፤ የግራውን የሳቅ እጥፋት ከቀኙ አጠለቀች። ግንባሩ ላይ አግድም መስመር ሰጠችው፤ በቅንድቦቹ መካከል ግን ምንም። አፍንጫውና ጉንጩ ላይ ፀሐይ የሚያወጣውን ጥቁር ነጠብጣብ አደረገች። ሽበቱን ከጆሮ ግንዱ ጀምራ ወደ ላይ አሳሳችው፤ የግንባሩን ጸጉር ደግሞ የፔኒቶዋን አይታ ከሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ገፋችው። እያንዳንዱን ለውጥ በፎቶው ላይ ለብቻው ደርባ ስለሠራች ስታጠፋቸው ከሥር ያለው ወጣት ብቅ ይላል። ደጋግማ እያበራች እያጠፋች ዓይኖቹ ከቦታቸው አለመነቃነቃቸውን ታረጋግጣለች።

በቀጠሮው ቀን ሁሉም መጡ። እማማ ሳላፋይ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ከስቷል» አሉ።

«ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እማማ። ጉንጭ ይጎድላል።»

«እኔ በኮኮናት ወተት የበሰለ ፓሉሳሚ እያበላሁት? ጨምሪለት!»

ሉፔ ከአገጩ ሥርና ከጉንጩ ላይ ትንሽ ሥጋ ጨመረች። እጥፋቱ ሞላ ሲል ያ ግማሽ ፈገግታ ድንገት ከውስጥ የመጣ መሰለ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን በጣታቸው ነኩ።

«እንዲህ ነበር የምትሆነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ትሆናለህ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።»

ማሲና አለቀሰች። አባቷን እስከዚያ ቀን የምታውቀው ከሷ ያነሰ ልጅ አድርጋ ነበር። አሁን አባት የሚባል ዕድሜ ያለው ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

ሉፔ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች፤ ትንሿ እውነተኛ ፎቶ በአንድ ፍሬም ከጎኑ ካልገባች አታትምም። «የልጅ ልጆቹ የትኛው የተነሳ፣ የትኛው የተሠራ እንደሆነ ይወቁ» አለች። እኔም ከእማማ ሳላፋይ የአሁን ፎቶ አጠገብ የሚሰቀል ባለ ሁለት መስኮት ፍሬም ሠራሁ።

ቤቱ ሲመረቅ ተጠርተን ሄድን። አቶ ላፋኤሌ ከግድግዳው ፊት ብዙ ቆሙና «ከኔ ይልቅ አምሮበታል፣ ይሄ ጉራኛ» አሉ። እማማ ሳላፋይ ከሥሩ ተቀምጠው፣ ነጭ ጸጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው እንግዳ ይቀበሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሉፔ የሟች ፎቶ ሲመጣላት ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት «እንዴት ነበር የሚስቀው?» ትላለች። ደንበኛውም ወንበር ይስባል፤ አንዳንዱ እስከ ምሳ ሰዓት ያወራል።

ፔኒቶዋ አንድ ቀን ብቻውን ተመልሶ መጣ። እንደ ማፈር ብሎ «እኔስ በሰባ ዓመቴ ምን እመስል ይሆን? ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» አላት።

ሉፔ ጆሮውን፣ ከዚያ ግንባሩን አየችው።

«እችላለሁ» አለች። «ግን አንተ ኖረህ እየው።»