ለአበባ ያጠናኋቸው ማጽናኛዎች

ትናንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ጓደኛዬ ፅንስ ጨነገፈባት፤ ምን ልበላት?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። በእሷ አልነበረም፣ በራሴ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ የሚባል አገር ያገባችው ጓደኛዬ አበባ የሦስት ወር ፅንስ እንደጨነገፈባት ስሰማ አባቴን ምክር ጠየቅሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኛ ቤት ሁሉ ነገር በቃል ይጠናል። ሦስት ማጽናኛ ሰጡኝ፦ «ለበጎ ነው»፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ»፣ «እንኳን በጊዜ ሆነ»። ጎበዝ ተማሪ ስለነበርኩ ወደ እሷ በምሄድበት ሚኒባስ ውስጥም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አጠናሁ። ነሐሴ ነበር፤ ጉሙ መንገዱን ውጦታል።

አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ነገሩን ጠይቀውኝ ሲረዱ፣ «ታዲያ ምነው ትጨነቂያለሽ? ላሟ ትኑር እንጂ ጥጃ አይጠፋም በያት። ሸጋ ቃል ነው» አሉኝ። እሱንም ጨመርኩት።

አበባ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ስላት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ሁለተኛውን ስላት ግድግዳውን አየች። ሦስተኛው ላይ፣ «ለእኔ እኮ ልጄ ነበር» አለች። ደነገጥኩና ላሟን አወጣሁ።

«እኔ ላም ነኝ?»

«ሚኒባስ ላይ ያገኘኋቸው ሰውዬ ናቸው ያሉት!»

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ሌላ የተጠና ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ። «አበባዬ፣ በጣም አዝናለሁ። የምለው ጠፋብኝ» አልኳት።

ያን ጊዜ ተናገረች። ደም የጀመራት ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነበር፤ አማቷም «ጀሪካኑ ነው» ብለዋታል። የጤና ባለሙያዋ ግን ብዙውን ጊዜ ከፅንሱ ከራሱ አፈጣጠር እንደሚመጣ፣ ውኃ መሸከም እንደማያመጣው ነግራታለች።

«እሷን አምናለሁ። ግን ሰው ሲያየኝ ጀሪካኑን የሚያይ ይመስለኛል።»

«እርሺው» ልላት ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። «ጥፋት የለብሽም» ብቻ አልኳት። ልጇን በሆዷ ሳለ የምትጠራበትን ስም ነገረችኝ፤ እኔም በዚያው ስም እየጠራሁ ሰማኋት። ከዚያ ምን ላግዝሽ ሳልል የተጠራቀመውን ልብስ አጠብኩ።

ባሏ ደጅ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ማንም ምንም እንዳላለው ገባኝ። «እግዜር ያጽናችሁ» አልኩት፣ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ። መጥረቢያውን አስቀምጦ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያ ለሦስት ክረምት የሚበቃ እንጨት ፈለጠ።

ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት፦ አዝናለሁ በያት፣ ስሚያት፣ ልብሷን እጠቢ። «ይኸው ብቻ?» አለች፤ ቅር ብሏታል። እኔም በእሷ ዕድሜ ቅር ይለኝ ነበር።

አበባ ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት፤ ሰው ሁሉ «ይኸው እግዜር ካሰሽ» ይላታል። እኔ ግን እሷው እንደጠየቀችኝ፣ ሊወለድ በነበረበት በየካቲት እደውልላታለሁ። «ዘንድሮ ስንት ይሞላው ነበር?» እላታለሁ።

ጣቷን ሳትቆጥር ትነግረኛለች።