የ«ማን ላከህ» እና የደወሉ ውል

አብራኝ ልብስ የምትሰፋዋን ሴት ሰፈርተኛው «ማን ላከህ» ይላታል። በሯን ላንኳኳ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነዋ! እኔን ራሴን አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ ገና አላመነችኝም።

ታዲያ ይቺው ሴት ናት ያላነበበችውን ወረቀት የፈረመችው። አንድ ክራባት ያሰረ ጎረምሳ በሯ ላይ ቆሞ «ማዶ ቤት ሌባ ገብቷል፤ ቅናሹም ዛሬ ያበቃል» ብሎ የሌባ ማንቂያ ደወል ለሁለት ዓመት አዋዋላት። ወርሃዊ ክፍያው አብረን ለምንሰፋበት ሱቅ ኪራይ የምታዋጣውን ይበላዋል። ኪራዩን ካላዋጣች ደግሞ ሱቁን መልቀቋ ነው።

«ምነው እትዬ፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«አጣደፈኛ!» አለች ፊቷን አዙራ። አልጣመኝም፤ እሷን ማን አጣድፏት ያውቃል?

ውሉን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ የተዋዋለ ደንበኛ በፈረመ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቀ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል ይላል። ያን ዕለት ስድስተኛው ቀን ነበር። ድርጅቱ ጋ ስንደውል አንዲት አንደበቷ ማር የሆነ ልጅ «አይስጉ እናቴ፣ እኔው ሰርዤዋለሁ» አለቻት። እኔ እፎይ አልኩ።

«በአፍማ ማን ያንሳል! በወረቀት ስጪኝ» አለቻት እሷ።

«ወረቀቱ እንኳ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«ሰማሽ?» አለችኝ ስልኩን ዘግታ። «ቀኑን ሊያሳልፉብኝ ነው።»

የመሰረዣ ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጻፍኩላት፤ አንዱን ሊያስቀሩ፣ በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ማህተም ሊመቱልን። በነጋታው ቢሯቸው ገና ሲከፈት ደረስን። ጸሐፊው ደብዳቤውን ገፋ አድርጎ ሌላ ቅጽ አወጣ።

«መሰረዣው ይሄ ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

እኔ ቂሏ እስክሪብቶ አቀበልኳት! እሷ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ መልሳ አራቀችው። ከዚያ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«ዓይኔ አያይም። ያኛውንም ሳላየው ነው የፈረምኩት። ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለችው።

«ደንበኛዋ ውሉን ወደ ዝቅተኛው ክፍያ አዛውረው ለመቀጠል...» ብሎ ዋጥ አደረገው።

«ቀጥል እንጂ!» አለችው። ከኋላችን ያሉትም ማጉረምረም ጀመሩ። ማህተሙ ወዲያው ተገኘ፤ የቀኑንም ነገር አልረሳውም።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዷን ያዝኩ። አንጀቴን በላችው።

«የዓይንሽን ነገር ለኔ እንኳ እንዴት አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ መቀሱን ትቀሚኝ ነበራ።»

እውነቷን ነው። ትናንት የመጣውን የሙሽራ ጨርቅ ከእሷ ወስጄ ለማን እንደማስቆርጠው፣ ገና እዚያ ቢሮ ቆመን ሳለ ማሰብ ጀምሬ ነበር።